የሳተላይት የልምላሜ ቁጥር በጢቾ የመኸር ማሳዎች፦ ምን ያሳያል? ምን ይሰውራል?

ከአሰላ በስተምሥራቅ፣ ከጭላሎና ከጋላማ ተራሮች ማዶ የምትገኘው ጢቾና ዙሪያዋ ስንዴና ገብስ ከሚበቅልባቸው የአርሲ ደጋማ አካባቢዎች መካከል ናቸው። በአካባቢው የመኸር እርሻ ሥራ በክረምቱ ዝናብ ይጀምራል፤ ሰብሉም ከጥቅምት ወዲያ እየደረሰ ይሄዳል። በእነዚህ ወራት የሰብሉን ሁኔታ ለማወቅ ቀደም ሲል የነበረው መንገድ በእግር ሄዶ ማሳውን ማየት ብቻ ነበር። ዛሬ ግን ከምድር በላይ በመቶዎች በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ከፍታ የሚዞሩ ሳተላይቶች ማሳውን በየጥቂት ቀናት ያነሱታል፤ ከምስሉም የሰብሉን ልምላሜ የሚያመለክት አንድ ቁጥር ይሰላል።

ይህ ቁጥር በቢሮ ውስጥ ብቻ የሚቀር አይደለም። ለአየር ንብረት ጠቋሚ መድን፣ ለምርት ትንበያና ለድርቅ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥራ ይውላል። ስለዚህ በአንድ አካባቢ «ሰብሉ ደህና ነው» ወይም «ተጎድቷል» የሚል መረጃ ሲቀርብ፣ ከጀርባው ይህ ስሌት ሊኖር ይችላል። አርሶ አደሩ በማሳው ላይ የሚያየውና ቁጥሩ የሚለው ሳይጣጣሙ ሲቀሩ ጥያቄ ማንሳቱ ተገቢ ነው። ጥያቄው ፍሬ እንዲኖረው ግን ቁጥሩ እንዴት እንደሚገኝና በምን ምክንያት እንደሚሳሳት ማወቅ ያስፈልጋል። የዚህ ትንታኔ ፍሬ ነገር አንድ ነው፦ በአንድ ቀን የተገኘ አንድ ቁጥር ስለ ማሳው ፍርድ ለመስጠት አይበቃም፤ መነበብ ያለበት በወቅቱ ውስጥ የተገኙት ቁጥሮች የሚሠሩት መስመር ነው፤ መስመሩም ከዘር ቀን ጋር መገናዘብ አለበት።

ቁጥሩ ከየት ይመጣል?

ጤናማ ቅጠል ከፀሐይ ከሚደርሰው ብርሃን ውስጥ ቀዩን አብዛኛውን ይውጠዋል። ቅጠሉን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፊል ቀዩን ብርሃን ምግብ ለማዘጋጀት ስለሚጠቀምበት ነው። በዓይን የማይታየውንና ከቀይ ቀጥሎ የሚገኘውን ቅርብ ኢንፍራሬድ የተባለውን ጨረር ግን ቅጠሉ በውስጣዊ አሠራሩ ምክንያት በብዛት መልሶ ያንጸባርቃል። ባዶ አፈር እንዲህ ያለ ልዩነት አያሳይም፤ ሁለቱንም በተቀራረበ መጠን ይመልሳል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ከሆነ መሬቱ በአረንጓዴ ቅጠል ተሸፍኗል፤ ጠባብ ከሆነ ቅጠሉ ጥቂት ነው ወይም ደርቋል።

የልምላሜ አመላካቹ ይህንኑ ልዩነት በሁለቱ ድምር ያካፍለዋል። በድምሩ የሚካፈለው የብርሃኑ መጠን ከቀን ቀን፣ ከተዳፋት ተዳፋት ስለሚለያይ ነው። ውጤቱ ከአንድ አይበልጥም። ባዶ የታረሰ ማሳ ብዙውን ጊዜ ከ0.1 እስከ 0.2 ባለው ውስጥ ይገኛል፤ መሬቱን ሙሉ በሙሉ የሸፈነ ለምለም ስንዴ ደግሞ ወደ 0.8 ይደርሳል።

ለዚህ ሥራ በስፋት ከሚያገለግሉት መካከል የአውሮፓ ሴንቲኔል-2 ሳተላይቶች ይገኙበታል። የመጀመሪያው በ2007 ዓ.ም.፣ ሁለተኛው በ2009 ዓ.ም. ወደ ህዋ ተልከዋል። ሁለቱ በጋራ ሲሠሩ አንድን ቦታ በየ5 ቀኑ ያነሳሉ፤ ምስሎቹም ያለ ክፍያ ይገኛሉ። ቀዩና ቅርብ ኢንፍራሬዱ የተመዘገቡባቸው ባንዶች በምስሉ ፋይል ውስጥ `B04` እና `B08` ተብለው ተሰይመዋል። በሁለቱም ባንዶች የምስሉ ትንሹ ነጥብ፣ ማለትም ፒክስል፣ በምድር ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ ስፋት ይሸፍናል።

ይህ ስፋት ለጢቾ ዓይነት አካባቢ ትርጉም አለው። 100 ሜትር በ50 ሜትር የሆነ የግማሽ ሄክታር ማሳ 50 ፒክስሎች ይይዛል። ይሁን እንጂ በዳር ያሉት ፒክስሎች ከፊላቸው የጎረቤትን ማሳ፣ ድንበሩን ወይም መንገዱን ይነካሉ። በዙሪያው አንድ ረድፍ ሲቀነስ 24 ፒክስሎች ብቻ ይቀራሉ፤ የማሳው ቁጥር የሚወሰደውም ከእነዚህ አማካይ ነው። 50 ሜትር በ50 ሜትር የሆነ ሩብ ሄክታር ከሆነ ደግሞ ከ25ቱ የሚተርፉት 9 ብቻ ናቸው። ከዚያ ባነሰና ቀጭን በሆነ ማሳ ላይ ከድንበር ያልተነካካ ፒክስል ማግኘት ያስቸግራል።

የአንድ ማሳ ወቅት

ስሌቱን በተግባር ለማየት በጢቾ ዙሪያ ሐምሌ 1 ቀን ስንዴ የተዘራበትን የግማሽ ሄክታር ማሳ ለምሳሌ እንውሰድ። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች የአንድ የተወሰነ አርሶ አደር መረጃ ሳይሆኑ፣ አሠራሩን ለማስረዳት የተዘጋጁ ናቸው።

ሰኔ 20 ቀን ማሳው ታርሶ ባዶ ነው። ከቀዩ ብርሃን 0.12፣ ከቅርብ ኢንፍራሬዱ ደግሞ 0.16 ያንጸባርቃል። ልዩነቱ 0.04፣ ድምሩ 0.28 ስለሆነ አመላካቹ 0.14 ይሆናል። ነሐሴ 10 ቀን ስንዴው ቅርንጫፍ እያወጣ ነው፤ ቀዩ ወደ 0.08 ይወርዳል፣ ኢንፍራሬዱ ወደ 0.21 ይወጣል፤ አመላካቹም 0.45 ይደርሳል። መስከረም 5 ቀን ሰብሉ መሬቱን ሸፍኗል። ቀዩ 0.04፣ ኢንፍራሬዱ 0.40 ሲሆኑ ልዩነቱ 0.36፣ ድምሩ 0.44 ነው፤ አመላካቹ 0.82 ይሆናል። ይህ የወቅቱ ጫፍ ነው። ከዚያ በኋላ ፍሬው እየሞላ፣ ቅጠሉም ከታች ወደ ላይ እየቢጫ ሲሄድ ቁጥሩ ይወርዳል፦ ጥቅምት 5 ቀን 0.65፣ ኅዳር 15 ቀን አዝመራው ሲደርስ 0.25።

ከእነዚህ ቁጥሮች በወረቀት ላይ መስመር ቢሠራ ቀስ ብሎ የሚወጣ፣ ጫፍ ላይ ጥቂት የሚቆይና መልሶ የሚወርድ ጉብታ ይወጣል። በመጨረሻ የተገኘው 0.25 ከነሐሴው 0.45 ያነሰ መሆኑን ልብ ይሏል። ያነሰው ሰብሉ ስለተጎዳ ሳይሆን ስለደረሰ ነው። ቀኑ ሳይታወቅ ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይናገርም የሚባለው ለዚህ ነው።

አሁን ድንበርተኛውን ማሳ እንይ። ባለቤቱ በሬ ወይም ትራክተር ዘግይቶበት፣ አለዚያም መሬቱ ውሃ ቋጥሮበት፣ ስንዴውን የዘራው ሐምሌ 21 ቀን ነው። ነሐሴ 10 ቀን በተነሳው ምስል የዚህ ማሳ አመላካች 0.21 ብቻ ይሆናል። የጎረቤቱ 0.45 ነው። ሁለቱን በአንድ ቀን ያነጻጸረ ሰው ሁለተኛው ማሳ ከግማሽ በላይ እንደተጎዳ ሊደመድም ይችላል። ነገር ግን ከዘር ቀን ተነስቶ ቢቆጠር ሥዕሉ ይለወጣል። የመጀመሪያው ማሳ 0.45 የደረሰው በተዘራ በ39ኛው ቀን ነው። ሁለተኛው 39ኛ ቀኑን የሚያገኘው ነሐሴ 30 ቀን ነው፤ በዚያም ቀን እርሱም 0.45 ከደረሰ፣ ጫፉንም መስከረም 25 ቀን ካገኘ፣ ሁለቱ ማሳዎች እኩል ናቸው። አንዱ የዘገየ እንጂ የታመመ አይደለም።

ይህ ማለት መዘግየቱ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ዝናቡ ቶሎ ከቆመ ወይም በጥቅምት ውርጭ ከጣለ፣ ዘግይቶ የተዘራው ሰብል ፍሬ ሳይሞላ ሊያገኘው ይችላል። ይሁንና ያ ጉዳት በመስመሩ ላይ የሚታየው በመጨረሻው ክፍል እንጂ በነሐሴ አይደለም። የዘር ቀን በጽሑፍ ካልተያዘ ግን ይህን ልዩነት በቢሮ ተቀምጦ ማውጣት አይቻልም።

ደመናው የሚደብቀው

የአርሲ ደጋ ሰብል በፍጥነት የሚያድግበት ጊዜና ሰማዩ በደመና የሚሸፈንበት ጊዜ አንድ ነው። ከሐምሌ 1 እስከ ነሐሴ 30 ባሉት 60 ቀናት ሳተላይቶቹ በጢቾ ላይ ወደ 12 ጊዜ ያልፋሉ። ደመና ባለባቸው ቀናት ካሜራው የሚያነሳው የደመናውን ጀርባ እንጂ ማሳውን አይደለም። ከ12ቱ ውስጥ ማሳው ጥርት ብሎ የታየባቸው ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ቢሆኑ የሚያስገርም አይሆንም።

ድፍን ደመና ራሱን ስለሚገልጥ ብዙ አያሳስትም። ሁለቱንም ጨረሮች በእኩል ደረጃ በብዛት ስለሚመልስ አመላካቹ ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ ከምስሉ ጋር የሚመጣው የደመና መለያ ካርታም ያስወግደዋል። አሳሳቹ ስስ ደመና ወይም ጭጋግ ነው። ስስ ደመና ማሳውን አይደብቀውም፤ የራሱን ብርሃን ይጨምርበታል። የመስከረም 5ቱን ለምለም ማሳ መልሰን ብንወስድና ስስ ደመና በሁለቱም ጨረሮች ላይ 0.10 ጨመረ ብንል፣ ቀዩ 0.14፣ ኢንፍራሬዱ 0.50 ይሆናል። ልዩነቱ ያው 0.36 ነው። ድምሩ ግን ከ0.44 ወደ 0.64 አድጓል። አመላካቹ 0.56 ሆነ ማለት ነው። በማሳው ላይ አንድም ቅጠል ሳይረግፍ ቁጥሩ ከ0.82 ወደ 0.56 ወረደ።

ከዚህ ስሌት አንድ ጠቃሚ ነገር ይገኛል። ስስ ደመናና ጭጋግ ለምለም ማሳን ደካማ ያስመስላሉ እንጂ ደካማውን ለምለም አያስመስሉም። በመሆኑም ባለሙያዎች በ10 ቀናት ወይም በሁለት ሳምንታት ውስጥ ከተገኙት ቁጥሮች ትልቁን ይወስዳሉ፤ ለእውነቱ ይበልጥ የቀረበው እርሱ ነውና። በዚሁ ምክንያት በአንድ ምስል ላይ ብቻ የታየ መውረድ እንደ ጉዳት ማስረጃ ሊቆጠር አይገባም። ቁጥሩ በሚቀጥለው ጥርት ያለ ምስል መልሶ ከወጣ፣ የወረደው ሰብሉ ሳይሆን የአየሩ ጥራት ነበር፤ የደረቀ ቅጠል በ5 ቀናት መልሶ አይለመልምምና። በሁለተኛውና በሦስተኛው ምስልም ዝቅ እንዳለ ከቀጠለ ግን ማሳው መታየት አለበት።

በስሌቱ ላይ የሚሠራ ስህተት

ከደመናው ጋር ተመሳሳይ የሆነ፣ ነገር ግን በሰው እጅ የሚሠራ ስህተትም አለ። በሴንቲኔል-2 የምስል ፋይል ውስጥ የሚገኙት ቁጥሮች ቀጥታ የነጸብራቅ መጠን አይደሉም፤ በ10000 መካፈል አለባቸው። ከጥር 17 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ አዘጋጁ ድርጅት በእያንዳንዱ ቁጥር ላይ 1000 እየጨመረ ማቅረብ ጀምሯል። በጣም ጨለማ የሆኑ ቦታዎች ከዜሮ በታች ሲወርዱ መረጃው እንዳይጠፋ የተደረገ ነው። ስለዚህ ከመካፈሉ በፊት ይህ 1000 መቀነስ አለበት፦

```
red  = (B04 - 1000) / 10000
nir  = (B08 - 1000) / 10000
NDVI = (nir - red) / (nir + red)
```

የመስከረም 5ቱ ማሳ በፋይሉ ውስጥ በ`B04` 1400፣ በ`B08` 5000 ሆኖ ይገኛል። 1000ው ሲቀነስ 400 እና 4000 ይሆናሉ፤ አመላካቹም 0.82 ነው። መቀነሱ ከተረሳ ልዩነቱ 3600፣ ድምሩ 6400 ስለሚሆን 0.56 ይወጣል። ይህ በስስ ደመና ምክንያት ከተገኘው ቁጥር ጋር አንድ ነው፤ በሁለቱም ላይ 0.10 መጨመር ማለት ነውና። ልዩነቱ ግን ደመናው ያልፋል፣ የስሌቱ ስህተት ግን አያልፍም። የአካባቢው ማሳዎች ሁሉ ለወቅቱ በሙሉ በሐሰት ዝቅ ብለው ይታያሉ። ከ2014 ዓ.ም. በፊት ከነበሩት ዓመታት ጋር ሲነጻጸሩም አካባቢው በድርቅ የተመታ ይመስላል።

ስህተቱን ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። ክረምት ከበጋ ቅጠሉን የማያረግፍ ጥቅጥቅ ያለ ደን በአቅራቢያው ይመረጣል። የደኑ ቁጥር ዓመቱን ሙሉ ከፍ ብሎ መቆየት ይኖርበታል። የማሳዎቹ ቁጥር ሲወርድ የደኑም በተመሳሳይ ደረጃ ከወረደ፣ ችግሩ ከሰብሉ ሳይሆን ከስሌቱ ወይም ከአየሩ ነው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ነገር አንዳንድ የምስል አቅራቢዎች 1000ውን ራሳቸው ቀንሰው የሚያቀርቡ መሆናቸው ነው። በእነርሱ ምስል ላይ ዳግመኛ መቀነስ ተቃራኒውን ስህተት ያስከትላል፤ ቁጥሩም ከልክ በላይ ከፍ ይላል። ከምስሉ ጋር በሚመጣው መግለጫ ውስጥ `BOA_ADD_OFFSET` የሚለው መስመር ሊቀነስ የሚገባ ነገር መኖር አለመኖሩን ይናገራል።

ዋግ ሲገባ

ቁጥሩ በትክክል ተሰልቶና ሰማዩ ጠርቶም ቢሆን አመላካቹ ሊመልሰው የማይችለው ጥያቄ አለ፤ እርሱም የመውረዱ ምክንያት ነው። የአርሲ ስንዴ አምራች ይህን ጥያቄ በቅርብ ያውቀዋል። በ2002/2003 የመኸር ወቅት ቢጫ ዋግ በሀገሪቱ ስንዴ ላይ በተስፋፋ ጊዜ፣ በሰፊው ይዘሩ የነበሩት ኩብሳና ጋላማ የተባሉ ዝርያዎች ክፉኛ ተጎድተዋል። ከዚያ በኋላ ቢጫ ዋግን በመቋቋሙ የተስፋፋው ዲገሉ የተባለው ዝርያ ደግሞ በ2006 ዓ.ም. በባሌና በአርሲ በግንድ ዋግ ተመታ።

ከላይ በተመለከትነው ማሳ ላይ በመስከረም ዋግ ገባ እንበል። መስከረም 5 ቀን ቁጥሩ እንደ ጤናማው 0.82 ነው። መስከረም 25 ቀን ጤናማው 0.78 ሲሆን ይህኛው 0.60 ይሆናል። ጥቅምት 5 ቀን ጤናማው 0.65 ላይ ሳለ ይህኛው 0.40 ላይ ይገኛል። መስመሩ ቀድሞ ወድቋል፤ ፍሬው በሚሞላበት ጊዜ የሚመግበው ቅጠል አልቋል። በተመሳሳይ ቀን የተዘሩ ማሳዎች ጎን ለጎን ሲታዩ ይህ መለያየት ግልጽ ነው። ነገር ግን በረዶ የመታው፣ ውርጭ ያቃጠለው ወይም ቶሎ የሚደርስ ዝርያ የተዘራበት ማሳም ቀድሞ ይወርዳል። ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ የሚለየው ማሳው ውስጥ ገብቶ ቅጠሉንና ግንዱን ያየ ሰው ነው።

ከምክንያቱ በላይ የሚያሳስበው ጊዜው ነው። ዋግ ሲጀምር ጥቂት ቅጠሎች ላይ የሚታይ የብናኝ ነጠብጣብ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከላይኛው ቅጠል በታች ተሸፍኖ ይቆያል። 100 ካሬ ሜትር የሚያህለው ፒክስል ይህን አይለይም። አመላካቹ ጎልቶ በሚወርድበት ጊዜ በሽታው ማሳውን ይዟል፤ የፀረ ፈንገስ ርጭቱ ሰብሉን የሚያድንበት ጊዜም እያለፈ ነው። ስለዚህ የርጭት ውሳኔ የሳተላይት ምስል ተጠብቆ የሚሰጥ አይደለም። ማሳውን በየጊዜው መፈተሽና ምልክቱ እንደታየ ለቀበሌው የግብርና ልማት ሠራተኛ ማሳወቅ ቀዳሚ ነው። የሳተላይቱ ጥቅም ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል፦ በአንድ ቀበሌ የተገኘ በሽታ በሌሎች የትኞቹ ማሳዎች ላይ ተመሳሳይ መውረድ እንዳሳየ በመለየት፣ ጥቂቶቹ ባለሙያዎች በቅድሚያ ወዴት መሄድ እንዳለባቸው ያመለክታል።

በተቃራኒው ቁጥሩ ከፍ ማለቱም ብቻውን የምሥራች አይደለም። ሳተላይቱ አረንጓዴውን እንጂ የአረንጓዴውን ስም አያውቅም። ስናርና ሙጃ የወረሩት ማሳ ንጹሕ ስንዴ ከያዘው ጋር እኩል ለምለም ሆኖ ይታያል። ከ0.8 በላይ ደግሞ አመላካቹ መለየት ይሳነዋል። በመስከረም 5ቱ ማሳ ቀዩ 0.04 እንደሆነ ኢንፍራሬዱ ከ0.40 ወደ 0.50 ቢያድግ፣ ማለትም በሩብ ቢጨምር፣ አመላካቹ ከ0.82 ወደ 0.85 ብቻ ይሄዳል። በመሆኑም ሁለት ለምለም ማሳዎች ስንት ኩንታል እንደሚሰጡ ከዚህ ቁጥር ብቻ መገመት አይቻልም።

የማሳው ቁጥርና የአካባቢው ቁጥር

እስካሁን የተነገረው በ10 ሜትር ፒክስል ላይ የተመሠረተ ነው። ለመድንና ለቅድመ ማስጠንቀቂያ የሚውሉ አሠራሮች ግን ብዙውን ጊዜ የረጅም ዓመታት መዝገብ ያላቸውን፣ ፒክስላቸው ሰፊ የሆነ ሳተላይቶችን ይጠቀማሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ «ዘንድሮ ከወትሮው ያነሰ ነው» ለማለት ወትሮው ምን እንደነበር የሚናገር መዝገብ ያስፈልጋል። 250 ሜትር በ250 ሜትር የሆነ ፒክስል ከ6 ሄክታር በላይ ይሸፍናል፤ 1 ኪሎ ሜትር በ1 ኪሎ ሜትር የሆነው ደግሞ 100 ሄክታር።

በሀገራችን የዚህ አሠራር የታወቀ ምሳሌ በቦረና ይገኛል። ከ2004 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ኦሮሚያ ኢንሹራንስ ለአርብቶ አደሮች ያቀረበው የከብት መድን ክፍያውን የሚወስነው የሞተውን ከብት ቆጥሮ ሳይሆን የአካባቢው ግጦሽ ልምላሜ ከተወሰነ መጠን በታች መውረዱን በሳተላይት አይቶ ነው። ቦረና ላይ ግጦሹ ሰፊና ተመሳሳይ ስለሆነ፣ ድርቅም ሁሉንም ባንድ ላይ ስለሚነካ፣ የአካባቢው አማካይ የእያንዳንዱን ቤተሰብ ሁኔታ በብዙው ይወክላል።

በአርሲ ደጋ ሁኔታው የተለየ ነው። በ100 ሄክታር ውስጥ ስንዴ፣ ገብስ፣ ባቄላ፣ የግጦሽ መሬት፣ የባሕር ዛፍና መኖሪያ ቤት ተቀላቅለው ይገኛሉ፤ የዘር ቀናቸውም ይለያያል። በዚያ ውስጥ ያለ የግማሽ ሄክታር ማሳ ከጠቅላላው ከመቶ ግማሽ እጅ ብቻ ነው። በረዶ ያን ማሳ ጠራርጎ ቢወስደው እንኳ የፒክስሉ ቁጥር ንቅንቅ አይልም። ስለሆነም በሰፊ ፒክስል ላይ የተመሠረተ መድን የሚጠቅመው ብዙዎችን አንድ ላይ ለሚነካ ጉዳት፣ በተለይም ለዝናብ እጥረት ነው። በአንድ ማሳ ላይ ብቻ የደረሰ ጉዳት በዚህ መንገድ ካሳ እንደማያስገኝ ከመፈረም በፊት መታወቅ አለበት። ክፍያ ሳይገኝ ሲቀር የሚነሳው ቅሬታ ምንጩ ብዙውን ጊዜ ይህ በወቅቱ ያልተብራራ ልዩነት ነው።

ባለጉዳዮች ሊይዙትና ሊጠይቁት የሚገባ

ከላይ ከተዘረዘረው በመነሳት በሳተላይት መረጃ ላይ የተመሠረተ አገልግሎት የሚፈልጉ አርሶ አደሮች ከሁሉ በፊት የዘር ቀንን፣ የሰብሉንና የዝርያውን ስም ለእያንዳንዱ ማሳ በጽሑፍ መያዝ ይኖርባቸዋል። በረዶ፣ ውርጭ ወይም ዋግ ሲደርስም ቀኑ ይመዝገብ። የማሳው ካርታ ያለበት የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ያላቸው ሰዎች ይዘውት ቢቀርቡ፣ ባለሙያው በምስሉ ላይ ትክክለኛውን ማሳ ለማግኘት ይረዳዋል፤ ድንበርተኛውን ማሳ በስህተት ማንበብ የተለመደ ነውና።

ስለ ማሳቸው ወይም ስለ ቀበሌያቸው የተሰጠ የልምላሜ ቁጥር ከሚያዩት ጋር ካልተጣጣመ አራት ጥያቄዎችን ማንሳት ይችላሉ። የመጀመሪያው ምስሉ የተነሳው በየትኛው ቀን እንደሆነና በዚያ ቀን ሰማዩ ጥርት ያለ እንደነበረ ነው። ሁለተኛው ቁጥሩ የአንድ ምስል ነው ወይስ በተከታታይ ምስሎች የተረጋገጠ የሚለው ነው። ሦስተኛው ፒክስሉ ምን ያህል መሬት ይሸፍናል፣ ማሳውንስ ለብቻው ያሳያል ወይ የሚለው ነው። አራተኛው ማነጻጸሪያው በዘር ቀን የሚመሳሰሉ ማሳዎች ናቸው ወይስ አይደሉም የሚለው ነው።

በአካባቢው ለሚሠሩ ባለሙያዎች ደግሞ ተመሳሳዩ ነገር ከሌላው ወገን ይመለከታቸዋል። በመስከረም መጨረሻ መስመሩ ቀድሞ የወደቀ ማሳ ሲያገኙ፣ ውጤቱን ከመጻፋቸው በፊት አንድ ሰው ማሳው ድረስ መሄድ አለበት። ሄዶ የሚያገኘው ዋግ ሊሆን ይችላል፤ ውርጭም ሊሆን ይችላል፤ ወይም ቶሎ ደርሶ ለአጨዳ የተዘጋጀ ገብስ ሊሆን ይችላል። በሳተላይቱ ምስል ላይ ሦስቱም አንድ ዓይነት ናቸው።